ያልዘገየ ክፍያ «ዘግይቷል» ተብሎ ሲመዘገብ፦ ክሬዲት ሪፖርትን የማንበቢያና የማሳረሚያ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ ለሚኖሩ ነው። ክሬዲት ሪፖርታቸው ላይ በስህተት የሰፈረ የዘገየ ክፍያ ለማሳረም የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚመጣላቸው መልስ «አጣርተናል፣ መዝገቡ ትክክል ነው» የሚል ነው። ይህ የሚሆነው ሁልጊዜ እውነቱ ከእነሱ ጋር ስላልሆነ አይደለም። ሪፖርቱን በደንብ ሳያነቡ፣ ማስረጃውን በቅደም ተከተል ሳያደራጁ፣ የተሳሳተ ምክንያት መርጠው ስለሚልኩ ነው።

ለማሳያ አንድ ዓይነት ጉዳይ እንይዛለን፦ የቤት ብድር ክፍያ ሰብሳቢ ድርጅት፣ ማለትም ሰርቪሰሩ፣ ሲቀየር በመካከል የተንከራተተ ክፍያ። የመኪና ብድር ወይም ክሬዲት ካርድ ያለዎትም አካሄዱ ያው ነው፤ ለቤት ብድር ብቻ የሚሠራውን በቦታው እነግርዎታለሁ።

## ከመጀመርዎ በፊት፦ በእርግጥ ስህተት ነው?

በሁለት ነገሮች መካከል ያለውን ልዩነት ይያዙ። ክፍያው ከቀኑ አልፎ ቅጣት መጠየቅ አንድ ነገር ነው። ለክሬዲት ቢሮ «ዘግይቷል» ብሎ ማሳወቅ ሌላ ነው። ሁለተኛው የሚመጣው ክፍያው መድረስ ከነበረበት ቀን አንሥቶ 30 ቀን ሲሞላ ነው። ማርች 5 መከፈል የነበረበትን ማርች 28 ከከፈሉ ቅጣቱ ሊገባዎት ይችላል፤ ሪፖርቱ ላይ 30 የሚል ምልክት መውጣቱ ግን ስህተት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ይቁጠሩ። 30 ቀን በእርግጥ አልፎብዎት ከሆነ አቤቱታ አይረዳዎትም። እውነተኛ መዝገብ እስከ 7 ዓመት ይቆያል። ያን ጊዜ የሚቀርዎት ለአበዳሪው በትሕትና ጽፎ ምሕረት መለመን ነው፤ እሱም ቢፈልግ ያነሣል፣ ባይፈልግ አይገደድም። «ለማንኛውም ልሞክር» ብለው እውነቱን መካድ ግን በኋላ የምር ስህተት ሲያገኙ ተዓማኒነትዎን ይበላብዎታል።

አንድ ሌላ ነገር፦ በቅርብ ሳምንታት ውስጥ ቤት ለመግዛት ወይም ብድር ለማደስ ሂደት ላይ ከሆኑ ከብድር ባለሙያዎ ጋር ሳይነጋገሩ አቤቱታ አይክፈቱ። ሒሳቡ «ክርክር ላይ» የሚል ማስታወሻ ይለጠፍበትና ብድሩን ሊያዘገይብዎት ይችላል። ማስረጃው በእጅዎ ካለ አዲሱን ብድር የሚሰጥዎት አበዳሪ ሪፖርቱን በራሱ በኩል በጥቂት ቀናት የሚያሳድስበት መንገድ አለ፤ እርስዎ በቀጥታ ሊያዙት ግን አይችሉም።

## ደረጃ 1፦ ሦስቱንም ሪፖርቶች ያውርዱ

1. annualcreditreport.com የሚለውን አድራሻ ራስዎ ይጻፉት። ፍለጋ ላይ የሚመጡ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ገጾች የክሬዲት ካርድ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ትክክለኛው አይጠይቅም። ከሦስቱም ቢሮዎች፣ ከኤኩፋክስ፣ ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን፣ በየሳምንቱ በነጻ ማውጣት ይችላሉ።
2. ሦስቱንም በአንድ ቀን ያውጡ። አበዳሪው ለአንዱ ቢሮ ብቻ አሳውቆ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሦስቱ የተለያየ ነገር ይዘው ይሆናል።
3. አንዱን እንደከፈቱ፣ ወደ ቀጣዩ ሳይሄዱ፣ በፒዲኤፍ ያስቀምጡት። ገጹ ከተዘጋ ተመልሶ ላይከፈት ይችላል። የፋይሉ ስም ላይ ቢሮውንና ቀኑን ይጻፉ።

ማንነትዎን ማረጋገጥ ካቃተዎት፦ አገር ውስጥ ከገቡ ብዙ ያልቆዩ ወይም በቅርብ አድራሻ የቀየሩ ሰዎች የማረጋገጫ ጥያቄዎቹ ላይ ይወድቃሉ። ደጋግመው አይሞክሩ። በ1-877-322-8228 ይደውሉ፣ ወይም የጥያቄ ቅጹን አውርደው በፖስታ ይላኩ። ጥያቄው በደረሳቸው በ15 ቀን ውስጥ ይልኩልዎታል።

ሪፖርቱ ላይ የክሬዲት ነጥብዎን አያገኙትም፤ የጎደለ ነገር አይደለም። ነጥቡ ከሪፖርቱ የሚሰላ ሌላ ነገር ነው፣ እኛ የምናርመው ደግሞ ሪፖርቱን ነው።

## ደረጃ 2፦ አነባበቡ

በቀጥታ ወደ 30 ምልክት አይዝለሉ። መጀመሪያ የግል መረጃውን ይመልከቱ። የእኛ ሰው እዚህ ላይ የራሱ ችግር አለበት። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚመዘገብ ወንድማማቾች ተመሳሳይ ሁለተኛ ስም ይዘው አንድ አድራሻ ላይ ይኖራሉ። የስሙ የእንግሊዝኛ አጻጻፍም ከመታወቂያ መታወቂያ ይለያያል። ኖረውበት የማያውቁት አድራሻ ወይም የሌላ ሰው የልደት ቀን ካዩ፣ የዘገየው ክፍያ የእርስዎ ሳይሆን የሌላ ሰው ሒሳብ ተቀላቅሎ ሊሆን ይችላል፤ የሚያቀርቡት ምክንያትም በዚያው ይለወጣል።

ከዚያ ወደ ሒሳቦቹ ይሂዱ። የሚመለከተዎትን ሒሳብ ከፍተው እነዚህን አራት ቦታዎች በወረቀት ላይ ይገልብጡ፦

- የወራቱ ሰንጠረዥ (Payment history)። እያንዳንዱ ወር አንድ ሳጥን አለው። OK ወይም የራይት ምልክት በጊዜው ተከፍሏል ማለት ነው። 30፣ 60፣ 90 የዘገየበትን የቀን መጠን ያሳያሉ። ባዶ ወይም ND ማለት መረጃ አልተላከም እንጂ ዘግይቷል ማለት አይደለም።
- የአሁኑ ሁኔታ (Status)። ብድሩ አሁን በሥርዓቱ እየተከፈለ ነው ወይስ ዕዳ ተጠራቅሞበታል?
- ያለፈበት ዕዳ (Past due)። እዚህ ላይ ከዜሮ ሌላ ቁጥር ካለ ችግሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ እስካሁን በትክክለኛው ወር ላይ አልተመዘገበም ማለት ነው።
- ማስታወሻ (Remarks)። «ተላልፏል»፣ «ተሽጧል»፣ «ደንበኛው ይከራከራል» የሚሉ ቃላት እዚህ ይገኛሉ።

የቤት ብድር ከአንድ ሰርቪሰር ወደ ሌላ ሲተላለፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ሒሳብ ያያሉ፦ አሮጌው «ተላልፏል» ተብሎ ቀሪው ዜሮ ሆኖ፣ አዲሱ ሙሉ ዕዳውን ይዞ። ይህ እጥፍ ዕዳ አይደለም፣ አይደንግጡ።

ሳጥኑን ስታነቡ ወሩን ብቻ አይመኑ። የጁን ክፍያ መዘግየት በጁላይ ሳጥን ላይ ሊወጣ ይችላል፣ ምክንያቱም 30 ቀን የሚሞላው ያኔ ነው። ሁለቱንም ወሮች አብረው ይያዙ።

## ደረጃ 3፦ የቀኖቹን መስመር ይስሩ

ማሳያችንን እንውሰድ። ወርሃዊ ክፍያው 2,460 ዶላር ነው፤ በየወሩ በ1ኛው ቀን ይደርሳል፣ እስከ 15 ድረስ የእፎይታ ጊዜ አለው። ተበዳሪው ከባንኩ በኩል በራሱ ጊዜ የሚሄድ ክፍያ አዘጋጅቷል። ሪፖርቱን ሲያወጣ አዲሱ ሰርቪሰር ሥር አንድ 30 አገኘ። ወረቀቶቹን ሰብስቦ ቀኖቹን ደረደራቸው፦

- ሜይ 12፦ አሮጌው ሰርቪሰር «ከጁን 1 ጀምሮ ብድርህ ወደ ሌላ ድርጅት ይተላለፋል» የሚል ደብዳቤ ጻፈ።
- ሜይ 30፦ ባንኩ እንደለመደው የጁንን ክፍያ ለአሮጌው ላከ።
- ጁን 3፦ አሮጌው ሰርቪሰር ገንዘቡን ተቀበለ።
- ጁላይ 2፦ ተበዳሪው የጁላይን ክፍያ ለአዲሱ ከፈለ። አዲሱ ግን የጁን ገንዘብ ስላልደረሰው ይህንን የጁን አድርጎ መዘገበው። ከጁን 1 እስከ ጁላይ 2 ድረስ 31 ቀን ነው፤ 30 የሚለው ምልክት የመጣው ከዚህ ነው።
- ጁላይ 9፦ አሮጌው ገንዘቡን ለአዲሱ አስተላለፈ፤ አዲሱም የጁላይ ክፍያ አድርጎ ያዘው።

ልብ ይበሉ፣ እዚህ ውስጥ የጠፋ ገንዘብ የለም። ሁለቱም ክፍያዎች ገብተዋል፤ የተሳሳተው የተለጠፉበት ወር ነው። ጁላይ 9 የመጣው ገንዘብ በእንጥልጥል ሒሳብ ውስጥ ተቀምጦ ቢቀር ኖሮ ደግሞ እያንዳንዱ ቀጣይ ክፍያ ያለፈውን ወር እየሸፈነ በየወሩ 30 ይመዘገብ ነበር። በተከታታይ ወራት 30፣ 30፣ 30 ካዩና ሁልጊዜ ከፍለው ከሆነ፣ በመጀመሪያ የሚፈልጉት አንድ በስህተት የተቀመጠ ክፍያ ነው።

ሕጉም በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። የቤት ብድር ሰርቪሰር ሲቀየር፣ ዝውውሩ ከጸናበት ቀን ጀምሮ ባሉት 60 ቀናት ውስጥ አሮጌው ሰርቪሰር ክፍያውን በጊዜው (የእፎይታ ጊዜውን ጨምሮ) ከተቀበለ፣ ያ ክፍያ ለምንም ዓላማ እንደዘገየ ሊቆጠር አይችልም። በማሳያችን 60ው ቀን የሚያበቃው ጁላይ 30 ነው፤ ገንዘቡ ጁን 3 ገብቷል። ይህ ጥበቃ ለመኪና ብድርና ለክሬዲት ካርድ አይሠራም፤ እዚያ የሚከራከሩት በተቀባዩ ድርጅት በኩል ገንዘቡ የደረሰበትን ቀን በማሳየት ብቻ ነው።

## ደረጃ 4፦ ማስረጃ

«ከፍያለሁ» የሚል የባንክ አፕ ስክሪንሾት ደካማ ማስረጃ ነው፤ የሚያሳየው እርስዎ ማዘዝዎን እንጂ ተቀባዩ መቀበሉን አይደለም። የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው።

1. ገንዘቡ መድረሱን የሚያሳይ ወረቀት። ብዙ ባንኮች በቢል ፔይ የታዘዘውን ክፍያ አንዳንዴ በወረቀት ቼክ በፖስታ ይልኩታል፣ ደንበኛው ሳያውቅ። ባንክዎን ይጠይቁ፦ ቼክ ከነበረ የተመነዘረውን ቼክ ፊትና ጀርባ ቅጂ፤ በኤሌክትሮኒክ ከሄደ መከታተያ ቁጥሩን የያዘ የክፍያ ማረጋገጫ።
2. ከተቀባዩ የወጣ የክፍያ ታሪክ። አሮጌው ሰርቪሰር ጁን 3 መቀበሉን በራሱ መዝገብ ካሳየ ክርክሩ አለቀ ማለት ይቻላል። በጽሑፍ ይጠይቁት።
3. የዝውውሩ ደብዳቤ። ጥለውት ከሆነ አዲሱ ሰርቪሰርም የራሱን ልኮልዎታልና የኢሜይልና የኦንላይን ሰነድ ሳጥንዎን ይፈትሹ።

ዋናውን ወረቀት በፍጹም አይላኩ፣ ቅጂ ብቻ። ባንክ ስቴትመንት ላይ ከጉዳዩ ውጪ ያለውን ሁሉ ያጥቁሩት፤ የሚፈለገው መስመር ላይ ግን ክብ ያድርጉበት።

## ደረጃ 5፦ ሁለት ደብዳቤ ይጻፉ

ብዙ ሰው ወይ ለቢሮው ብቻ ወይ ለአበዳሪው፣ በማሳያችን ለአዲሱ ሰርቪሰር፣ ብቻ ይጽፋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ምክንያታቸው ግን የተለያየ ነው።

ለቢሮው የሚጻፈው በሕግ መብትዎን የሚከፍት ነው። ቢሮው አቤቱታውን በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለአበዳሪው ማስተላለፍ አለበት፤ አበዳሪውም የመመርመር ግዴታ አለበት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ አበዳሪውን ሳይመረምር በመቅረቱ መክሰስ የሚችሉት አቤቱታዎን በቢሮ በኩል አሳልፈው ከሆነ ነው። ለአበዳሪው ብቻ ጽፈው ዝም ከተባሉ ይህ በር ዝግ ነው።

ችግሩ ቢሮው አቤቱታዎን ለአበዳሪው የሚያስተላልፈው በኮምፒውተር ሥርዓት፣ ወደ አጭር ኮድ ተቀይሮ መሆኑ ነው። በሌላኛው ጫፍ ያለው ሠራተኛ የራሱን ስክሪን ይከፍታል፣ ስክሪኑ «ጁላይ 2» ይላል፣ «ተረጋግጧል» ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ለአበዳሪው የሚጻፈው ሁለተኛ ደብዳቤ ዓላማው ያ ስክሪን ራሱ እንዲታረም ነው።

ለቢሮው፦ በእንግሊዝኛ፣ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ፣ በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፉ። ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ። የሪፖርቱ ቁጥርና የወጣበት ቀን። የሒሳቡ ስምና የቁጥሩ የመጨረሻ አሐዞች። ከዚያ ፍሬ ነገሩ፦ «የጁን ክፍያ 30 ቀን እንደዘገየ ተመዝግቧል። ይህ ትክክል አይደለም። አሮጌው ሰርቪሰር ጁን 3 ተቀብሎታል፣ አባሪ 2ን ይመልከቱ። ብድሩ ጁን 1 ተላልፏል፣ አባሪ 1ን ይመልከቱ። ምልክቱ ወደ በጊዜው የተከፈለ ተቀይሮ ይታረም።» በመጨረሻ የአባሪዎቹ ዝርዝር። የመታወቂያና የአድራሻ ማረጋገጫ ቅጂ ይጨምሩ፤ ከሌለ ማንነትዎን እንዲያረጋግጡ ይጠይቁና ጊዜ ይባክናል።

ስለ ሥራዎ፣ ስለ ልጆችዎ፣ ስለ ደረሰብዎት ብስጭት አይጻፉ። የሚያነበው ሰው ቀንና ማስረጃ ነው የሚፈልገው።

አይምረጡ፦ «ሒሳቡ የኔ አይደለም» የሚለውን። ኦንላይን ቅጹ ላይ መጀመሪያ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይጫነዋል። ሒሳቡ የእርስዎ ነውና አበዳሪው ስምና ሶሻል ሴኩሪቲ ብቻ አመሳክሮ «የሱ ነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ ስለ ቀኑ ማንም አይመለከትም።

አይጠይቁ፦ ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ እንዲሰረዝ። የታረመ ሒሳብ የብዙ ዓመት መልካም ታሪክ ይዞልዎት ይቀጥላል፤ የተሰረዘ ሒሳብ ያንን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

ስህተቱ ያለባቸው ቢሮዎች ላይ ብቻ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይላኩ። ኦንላይንም ይቻላል፣ ግን አባሪ የበዛበትን ጉዳይ እኔ በፖስታ ብቻ ነው የምመክረው፤ ሰርቲፋይድ ሜይል፣ የመድረሻ ደረሰኝ ያለበት። አድራሻው ሪፖርትዎ ላይ ከታተመው ጋር ይመሳከር፦

```
Equifax, P.O. Box 740256, Atlanta, GA 30374
Experian, P.O. Box 4500, Allen, TX 75013
TransUnion, P.O. Box 2000, Chester, PA 19016
```

ለአዲሱ ሰርቪሰር፦ ተመሳሳይ ይዘት፣ ከላይ «Notice of Error» የሚል ርዕስ። ይህ የቤት ብድር ብቻ መሣሪያ ነው። ደብዳቤው መድረሱን በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ሊያሳውቅዎት፣ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ደግሞ መርምሮ ሊመልስልዎት ይገባል (አንዳንዴ 15 የሥራ ቀን ሊጨምር ይችላል)። ከሁሉ የሚበልጠው፣ ደብዳቤው ከደረሰው ጀምሮ ለ60 ቀን ስለዚያ ክፍያ መጥፎ መረጃ ለቢሮ መላክ አይችልም።

እዚህ ላይ የሚወድቁበት አድራሻው ነው። ሰርቪሰሮች ለስህተት ማስታወቂያ የተለየ አድራሻ አላቸው፤ ክፍያ ወደሚላክበት ሳጥን ከላኩት ወይም ቫውቸሩ ጀርባ ላይ ከጻፉት አይቆጠርም። ወርሃዊ ስቴትመንቱ ላይ ወይም ድረ ገጻቸው ላይ ይፈልጉት። እየተከራከሩም ቢሆን ወርሃዊ ክፍያውን አያቋርጡ፤ እውነተኛ 30 ከመጣ የቀደመውን ክርክር ያጠፋዋል።

## ደረጃ 6፦ ጥበቃው

ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ከደረሰኙ ላይ ወስደው ካላንደርዎ ላይ ምልክት ያድርጉ። ቢሮው 30 ቀን አለው። በነጻ ካወጡት ሪፖርት ተነሥተው ከሆነ የጻፉት እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ውጤቱን ምርመራው ባለቀ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ይልካል። በመሀል አዲስ ወረቀት ከላኩ 15 ቀን ሊጨመር ይችላልና መጀመሪያውኑ የተሟላ ይላኩ።

«እኛ እናጸዳልዎታለን» የሚሉ ድርጅቶች በዚህ ጊዜ ይደውላሉ። እነሱ የሚያደርጉትን ሁሉ እርስዎ በነጻ ማድረግ ይችላሉ፤ ሥራው ሳይጠናቀቅ አስቀድሞ ገንዘብ መቀበልም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።

## ደረጃ 7፦ መልሱ ሲመጣ

«ታርሟል» ካለ በዚያ አይርኩ። አዲስ ሪፖርት አውጥተው ሳጥኑን ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ 30 ቀን እንደዘገየ የሚቆጥረውን መስመርም ይዩ። ሳጥኑ OK ሆኖ ቆጣሪው 1 ብሎ የቀረ ከሆነ ሥራው አላለቀም። ከወር በኋላ ደግመው ይመልከቱ፤ የአበዳሪው ኮምፒውተር ካልታረመ ስህተቱ እንደገና ሊላክ ይችላል። የተሰረዘ መረጃ ተመልሶ ከገባ ቢሮው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊነግርዎት ይገባል።

«ተረጋግጧል» ካለ ያንኑ ደብዳቤ ደግመው አይላኩ። አዲስ ነገር የሌለበትን አቤቱታ ቢሮው «መሠረት የለሽ» ብሎ የመተው መብት አለው። ይልቁንስ፦

1. ምርመራው እንዴት እንደተደረገና ማንን እንዳነጋገሩ እንዲገልጹ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በ15 ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው።
2. ሰርቪሰሩ ለስህተት ማስታወቂያው የሰጠውን መልስ ይዩ። ስህተቱን አምኖ ከጻፈ፣ ያ ደብዳቤ አዲስ ማስረጃ ነውና ከሱ ጋር አዲስ አቤቱታ ለቢሮው ይላኩ።
3. ካልሆነ consumerfinance.gov/complaint ላይ፣ የሸማቾች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ ዘንድ፣ ለሰርቪሰሩና ለክሬዲት ቢሮው ለየብቻ ቅሬታ ያስገቡ። ቀኖቹን እንደ ደረጃ 3 ይደርድሩ፣ አባሪዎቹን ይጫኑ።
4. ጉዳዩ ብድር አስከልክሎዎት ወይም ወለድ ጨምሮብዎት ከሆነ የሸማቾች መብት ጠበቃ ያነጋግሩ። ከረቱ የጠበቃውን ክፍያ ተከሳሹ ስለሚሸፍን ብዙዎቹ ከደንበኛው አስቀድመው አይጠይቁም። ጊዜ አይፍጁ፤ ጥፋቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ያለዎት 2 ዓመት ነው።

ሪፖርቱ ላይ እስከ 100 ቃል የራስዎን ማብራሪያ ማስቀመጥም ይችላሉ። ነጥብዎን ግን አይለውጠውም፤ ስለዚህ የመጨረሻ አማራጭ ያድርጉት።

ከታረመ በኋላ አንድ ደብዳቤ ይቀርዎታል። በአለፉት 6 ወራት ሪፖርትዎን ለወሰዱ አበዳሪዎች፣ ለሥራ ቅጥር ከሆነ ባለፉት 2 ዓመታት ለወሰዱት፣ የተሰረዘውን መረጃ የሚያስታውቅ ማስታወቂያ እንዲልክ ቢሮውን መጠየቅ ይችላሉ። ቢሮው ካልተጠየቀ አይልክም፤ ስለዚህ የድርጅቶቹን ስም ከሪፖርቱ የጥያቄዎች ክፍል (Inquiries) ላይ አውጥተው በደብዳቤው ላይ ይዘርዝሯቸው።